ለምትፈልጉት የትምህርት ክፍል ስንት ውጤት እንደሚያስፈልጋችሁ እንዴት ይሰላል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ቁጥር «ለሕክምና ስንት ያስገባል?»፣ «ለሶፍትዌር ምህንድስናስ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። መላሹም አያጣም፤ አንዱ 450 ሲል ሌላው 500 ይላል። ሁለቱም ሳይዋሹ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ቋሚ ቁጥር የለምና። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በአገር ደረጃ የታወቀው 50 በመቶ ነው፤ እሱም በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንጂ ለአንድ የትምህርት ክፍል አይደለም። የትምህርት ክፍሉ መቁረጫ ነጥብ አመልካቾች በውጤታቸው ተደርድረው ወንበሩ ሲሞላ የመጨረሻው ገቢ ያመጣው ነጥብ ነው። ስለዚህ የምንሠራው ያለፈውን ዓመት መቁረጫ ይዞ ወደኋላ ማስላት ነው። የስልክ ካልኩሌተርና አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። ውጤት አስገብታችሁ «ትገባላችሁ» ወይም «አትገቡም» የሚሉ የቴሌግራም ቦቶችን አልወዳቸውም፤ በምን ክብደት እንዳሰሉ አይነግሩም።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስ ነው ወይስ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች የተከፈተው የሚለውን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ወደምትመኙት ዩኒቨርሲቲ ሬጂስትራር፣ ካልሆነም እዚያ ወደሚማር ዘመድ ዘንድ ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከፍሬሽማን፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ በኋላ በሚደረገው የክፍል ምደባ ላይ የብሔራዊ ፈተናው ክብደት ስንት ነው፣ የፍሬሽማን ጂፒኤ ክብደትስ፣ ባለፈው ዓመት በዚያ ክፍል የመጨረሻው ገቢ ድምር ነጥብ ስንት ነበር? ክብደቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚጨምርም አለ። ለሴቶች ወይም ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድጋፍ ካለ በዩኒቨርሲቲው የምደባ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። «የክፍሉ አማካይ» ወይም «የአንደኛው ውጤት» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ የሚጠቅማችሁ የመጨረሻው ገቢ ነጥብ ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት፣ እኔም የተሰናከልኩበት እርምጃ መጣ፦ ሁሉንም ወደ መቶኛ መቀየር። የፈተናው ጠቅላላ ነጥብ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስ ከ700 ሲታሰብ የማኅበራዊ ሳይንስ ከ600 ነበር። በዚያ ዓመት በተፈጥሮ ሳይንስ የተመዘገበው ከፍተኛ ውጤት 666 ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ600 ታስቦ ከፍተኛው 591 ሆነ። ላይ ላዩን ላየው 666 ይበልጣል። 666ን ለ700 ስታካፍሉት ግን 95.1 በመቶ፣ 591ን ለ600 ስታካፍሉት 98.5 በመቶ ይመጣል።

ታናሽ ወንድሜ ከ600 አራት መቶ ነጥብ ያመጣ ጊዜ አማካሪው እኔ ነበርኩ። ከእሱ በፊት ተፈትኖ ወንድሜ ወደመረጠው ቦታ የገባ የሠፈር ልጅ «እኔ የገባሁት በ455 ነው» ስላለኝ፣ «55 ነጥብ ጎድሎሃል፣ እሱን ምርጫ ወደ ታች አውርደው» አልኩት። ታዘዘኝ። የሠፈሩ ልጅ 455 ከ700 እንደነበረ የገባኝ ምርጫው ተዘግቶ ምደባው ከወጣ በኋላ ነው። 455 ከ700 ማለት 65 በመቶ ነው፤ የወንድሜ 400 ከ600 ግን 66.7 በመቶ። ጎድሎታል ያልኩት ልጅ በልጦ ነበር። ስለዚህ ማንም ቁጥር ሲነግራችሁ «ከስንት?» ሳትሉ እንዳትጽፉት፤ የሰማችሁትንም ለጠቅላላው አካፍላችሁ በመቶኛ ብቻ አስቀምጡ።

ጂፒኤም እንዲሁ ነው፤ ከ4 ስለሚታሰብ ለ4 ይካፈላል። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ስሌቱ ይህ ነው፦

ድምር ነጥብ = (የፈተና ውጤት ÷ 600 × የፈተናው ክብደት) + (ጂፒኤ ÷ 4 × የጂፒኤው ክብደት)

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸውና በራሳችሁ ተኳቸው። ክብደቱ 50 በ50 ይሁን፤ ያለፈው ዓመት የመጨረሻ ገቢ ድምር ደግሞ 80 ነበር እንበል። ተፈታኟ ገና 12ኛ ክፍል ስለሆነች ጂፒኤዋን መገመት አለባት፤ 3.4 ገመተች። 3.4 ለ4 ሲካፈል 0.85፣ በ50 ሲባዛ 42.5 ይሆናል። ከ80 ላይ 42.5 ሲቀነስ ከፈተናው የሚጠበቅባት 37.5 ነው። 37.5 ለ50 ሲካፈል 75 በመቶ፣ የ600 ሰባ አምስት በመቶ ደግሞ 450። በስድስቱ ትምህርቶች በአማካይ 75 ማለት ነው።

ግን 450 ላይ አትቁሙ። መቁረጫው ያለፈው ዓመት ነው፤ ዘንድሮ ክፍሉ የሚቀበለው ቁጥር ከ60 ወደ 40 ቢወርድ መቁረጫው ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። እኔ ድምሩ ላይ 2 ነጥብ እጨምራለሁ። 80 የነበረው 82 ሲሆን የሚያስፈልገው የፈተና ውጤት ከ450 ወደ 474 ይወጣል። 2 ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ በፈተናው ወረቀት ላይ ግን 24 ነጥብ ናት።

የጂፒኤው ግምትም እንዲሁ ያታልላል። በ50 በ50 ክብደት 0.1 ጂፒኤ ከ15 የፈተና ነጥብ ጋር እኩል ነው። ዩኒቨርሲቲው ለፈተናው 30፣ ለጂፒኤው 70 የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ያችው 0.1 ከ35 የፈተና ነጥብ ጋር ትስተካከላለች። ጂፒኤን 3.9 ብሎ ገምቶ «እንግዲያው 400 ይበቃኛል» ማለት ቀላል ነው። ሁለት ሦስት የፍሬሽማን ተማሪዎችን አንደኛ መንፈቅ ዓመት ስንት እንዳመጡ ጠይቁና ከመካከለኛው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገምቱ። ስሌቱ ከ600 በላይ ቢያወጣባችሁ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ በገመታችሁት ጂፒኤ ፈተናው ብቻውን አያስገባችሁም ማለት ነው።

ዒላማው ከታወቀ በኋላ ከሞዴል ፈተናችሁ ጋር አነጻጽሩት። ተፈታኛችን በሞዴሉ እንግሊዝኛ 72፣ ሒሳብ 60፣ አፕቲቲውድ 70፣ ፊዚክስ 68፣ ኬሚስትሪ 78፣ ባዮሎጂ 82 አምጥታለች፤ ድምሩ 430። ለ474 የጎደላት 44 ነው። ባዮሎጂን ከ82 ወደ 95 ብታደርስ እንኳ 13 ብቻ ነው የምታተርፈው፤ ሒሳብን ከ60 ወደ 80፣ ፊዚክስን ከ68 ወደ 80 ብታወጣ ግን 32 ነጥብ ይመጣል። የቀሩትን 12 እንግሊዝኛና አፕቲቲውድ ይካፈሏቸዋል።

ውጤቱ ሲወጣ ስሌቱን ገልብጡት፤ አሁን የማይታወቀው ጂፒኤው ነው። 438 መጣላት እንበል። 438 ለ600 ሲካፈል 73 በመቶ፣ በ50 ክብደት 36.5 ነው። ለ80 የቀረው 43.5 ለ50 ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 3.48 ይሆናል። ከነመጠባበቂያው ለ82 ከሆነ ደግሞ 3.64። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የፍሬሽማን ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትጻፋቸው።