ከደሴና ከኮምቦልቻ አሜሪካ ለገባ ሰው፦ የመጠባበቂያ ገንዘብ የስንት ወር ይሁን? የትስ ይቀመጥ?

የመጠባበቂያ ገንዘብ የሚለካው በወር ነው። «የሦስት ወር አለኝ» ማለት ደሞዝ ዛሬ ቢቆም ሦስት ወር ሙሉ ኪራይ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ሳልበደር እከፍላለሁ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንዱ ወር ስንት ዶላር እንደሚፈጅ ነው። ብዙ አዲስ ገቢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ደሞዙን በሦስት ወይም በስድስት ያባዛና ቁጥሩ ሲያስደነግጠው ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። መባዛት ያለበት ሥራ የሌለበት ወር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወጪ ብቻ ነው።

ከኮምቦልቻ በዲቪ መጥቶ ሜሪላንድ ውስጥ መጋዘን የሚሠራ፣ ያላገባ ሰው እንውሰድ። ታክስ ተቆርጦ በወር 2,600 ዶላር እጁ ይገባል። መብራትና ውኃን ጨምሮ ለአንድ ክፍል 900 ይከፍላል። ምግብ 320፣ ስልክ 40፣ የመኪና ኢንሹራንስ 190፣ ነዳጅ 130 ይፈጃል። ኮምቦልቻ ላሉት እናቱ 200 ይልካል፣ ለልብስና ለልዩ ልዩ 120 ያወጣል፣ ዕቁብ 500 ይጥላል። ድምሩ 2,400 ነው፤ 200 ይተርፈዋል።

አሁን ሥራው ቆመ እንበል። ኪራዩ 900 እንዳለ ነው። ውጭ መብላት ቀርቶ ቤት ሲበስል ምግቡ 280 ይበቃል። ስልኩ 40፣ ያለ ስልክ ሥራ አይፈለግም። ኢንሹራንሱም 190 እንደሆነ ይቀጥላል፤ «መኪናው ቆሟል» ብሎ ማቋረጥ ታርጋ ላለው መኪና ቅጣት ያመጣል፣ በኋላ እንደገና ሲገቡም ዋጋውን ያስወድዳል። ነዳጁ ወደ 70 ይወርዳል። ለእናቱ የሚልከው በግማሽ ቀንሶ 100 ይሁን። እዚህ ላይ ዜሮ አይጻፍ፤ ወረቀት ላይ ዜሮ ብሎ በተግባር 100 የሚልክ ሰው ሒሳቡ በመጀመሪያው ወር ይፈርስበታል። ድምሩ 1,580 ነው፣ 1,600 እንበለው።

ዕቁቡስ? ዕጣው ገና ካልደረሰው ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግሮ ሊያቆም ይችላል። ቀድሞ ወስዶ ከሆነ ግን ወርሃዊው 500 ዕዳ ነው፤ ዋስ የሆነለትን ሰው አያሳፍርምና ዝቅተኛ ወጪው ወደ 2,100 ከፍ ይላል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ይባላል፤ በመጠባበቂያ ሒሳብ ግን የሚያስፈልገው ገንዘብ ካልደረሰው ሰው ይበልጣል።

ሦስት ወር ወይስ ስድስት?

በተለምዶ የሚነገረው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። አዲስ ገቢ ወደ ስድስቱ መጠጋት ያለበት በአንድ ዋና ምክንያት ነው፤ ሥራ ሲያጣ መንግሥት የሚሰጠው የሥራ አጥ ክፍያ ለእሱ ላይደርሰው ይችላል። በአብዛኛው ግዛት ይህ ክፍያ የሚሰላው ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ከተጠናቀቁት አምስት ሩብ ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አራቱን አይቶ ነው። ሰውዬው ማርች ላይ ሥራ ጀምሮ ኦገስት ላይ ቢቀነስ፣ ከሠራው ሁሉ የሚታይለት የማርች ደሞዝ ብቻ ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁን የሠራበት ሩብ ዓመት አምስተኛው ስለሆነ ከስሌቱ ውጭ ይወድቃል። ብዙ ግዛቶች እንዲህ ላለው ሰው የቅርቦቹን አራት ሩብ ዓመታት የሚያይ፣ alternate base period የሚባል ሌላ ስሌት አላቸው። በመጀመሪያው ስሌት «አይገባህም» ከተባሉ ይህን ስሌት በስሙ ጠይቁ፤ ሳይጠይቁ መልሱን ይዘው የሚመለሱ አሉ። ቢፈቀድም እንኳ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ኪራይ ደግሞ ወሩ በገባ በአንደኛው ቀን ይጠየቃል።

ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ፣ በዓመቱ መጨረሻ 1099 የሚባለውን ቅጽ የሚቀበል ሰው እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠር መደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ በአብዛኛው አይመለከተውም። መኪናው ሲሰበር ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል፣ የጥገናው ወጪም በዚያው ቀን ይመጣል። እሱ ከስድስት ወር በታች ባይሆን ይመረጣል። ባልና ሚስት ሁለቱም በደሞዝ ከተቀጠሩና አንዱ ሥራ ከጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነው፣ ሦስት ወር ይበቃቸዋል። ከደሴ ልጆች ወይም የትዳር አጋር ሊመጡ ወረቀት የተጀመረለት ደግሞ ወጪውን በአሁኑ ብቸኛ ኑሮ ሳይሆን ቤተሰቡ በሚገባበት ቤት ኪራይ ያስላ።

ለምሳሌያችን ሰው አንድ ወር 1,600፣ ሦስት ወር 4,800፣ ስድስት ወር 9,600 ዶላር ነው። በወር የሚተርፈውን 200 ብቻ ቢያስቀምጥ የመጀመሪያውን ወር ለመሙላት ስምንት ወር ይፈጅበታል። ዕቁቡን አንድ ዙር ቢያሳልፍና 500ውንም እዚህ ቢያስገባ ግን ሁለት ወር ከግማሽ ሳይሞላ አንዱን ወር ያገኛል፤ በሰባት ወር ሦስቱን ይጨርሳል። የእኛ ምክር ይኸው ነው፤ ሦስቱ ወር ሳይሞላ አዲስ ዕቁብ አይግቡ።

በእጅ የሚገባ ገንዘብ ማለት

ዕቁብ ጥሩ የቁጠባ መንገድ ነው፣ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያም ይሆናል። ለመጠባበቂያ ግን አይሆንም። ሃያ ሰው በወር 500 የሚጥልበት ዕቁብ 10,000 ዶላር ይሰጣል፤ ዕጣዎ በአሥራ አራተኛው ወር ከወጣና ሥራዎ በአምስተኛው ወር ከቆመ፣ የጣሉት 2,500 የርስዎ ሆኖ ሳለ እጅዎ ላይ የለም። ገንዘቡን ማግኘት የሚችሉት ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ከሸጠልዎ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ቅናሽ ተቀብለው።

መጠባበቂያ ያለ ማንም ፈቃድ፣ ሳይጎድል፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ቀን እጅ መግባት አለበት። ለተወሰነ ጊዜ የሚታሰረው ቁጠባ፣ የባንክ ሲዲ፣ «ሳይጎድል» የሚለውን አያሟላም፤ ከቀጠሮው በፊት ሲያወጡት የጥቂት ወራት ወለድ ይቀጣሉ። አክሲዮን ደግሞ ተሽጦ ገንዘቡ በማግስቱ ይደርሳል፣ ችግሩ ዋጋው ነው። በ2020 እ.አ.አ. ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በኋላ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ሲሶ ያህል ወረደ፤ ሚሊዮኖች ከሥራ የተቀነሱትም በዚያው ሰሞን ነበር። ሥራ የሚያሳጣው ምክንያትና አክሲዮን የሚያወርደው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ ስለዚህ ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ቀን ጎድሎ ይገኛል። ክሬዲት ለመጀመር ባንክ ያስያዙት 300 ዶላርም ካርዱ እስኪዘጋ ወይም ባንኩ እስኪለቀው ድረስ የተያዘ ነውና አይቆጠርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን አንድ ወር ደሞዝ በሚገባበት ባንክ፣ ከቼኪንጉ ተለይቶ በተከፈተ ሴቪንግ ውስጥ ያድርጉ። በስልክ ወደ ቼኪንግ ሲያዞሩት ወዲያው ይደርሳል። ቀሪውን ወለዱ የተሻለ ሌላ ባንክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከባንክ ወደ ባንክ ሲዛወር ግን ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ዓርብ ማታ የታዘዘ ዝውውር ረቡዕ ሊደርስ ይችላል፣ አንዱ ወር ቅርብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ በባንኩ በር ወይም ድረ ገጽ ላይ FDIC የሚል ምልክት መኖሩን፣ ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ NCUA የሚል፤ ይህ ባንኩ ቢወድቅ እስከ 250,000 ዶላር መድን አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ወርሃዊ ክፍያ እንደማይቆርጥ። በወር 5 ዶላር የሚቆርጥ ሴቪንግ በዓመት 60 ዶላር ይበላል።

ወለድ በሃይማኖታቸው የማይቀበሉ ብዙ የወሎ ልጆች ገንዘቡን ቤት ውስጥ ይይዛሉ። ቤት ያለ ጥሬ ገንዘብ በእሳትም በሌባም ይጠፋል፣ ተከራይ የሚገባው የቤት ኢንሹራንስም ለጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ትንሽ ነው። ወለድ የማይከፍል ሁለተኛ ቼኪንግ ይክፈቱና ካርዱን ሳይዙ ያስቀምጡት፤ መድኑ ያው ነው።

ወደ ደሴ ስለሚላከው

«እዚያ ቦታ ልግዛበት፣ ሲቸግረኝ እሸጠዋለሁ» የሚለው ሐሳብ በጣም የተለመደ ነው። ሆጤ ወይም ቦርከና ዳር ያለ ቦታ ለመሸጥ ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና፣ ገዢ፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ያስፈልጋል፤ ከተሸጠም ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ማውጣት በውጭ ምንዛሪ ደንብ የተገደበ ነው። የብሩ ዋጋም ራሱ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሜሪላንድ ኪራይ የሚጠየቀው በዶላር ስለሆነ መጠባበቂያውም በዶላር፣ እዚሁ ይሁን።

ለቤተሰብም ቢሆን የሚሻለው ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ባንክና ስልክ ተቋረጠ፣ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ወጣ። በዚያ ወር ደሴ ውስጥ ከባንክ ብር ማውጣት አልተቻለም። ዶላሩ በእጁ የነበረ ሰው ግን ቤተሰቡ ባለበት ከተማ መላክ ይችል ነበር።

ለዚህ ሲባል ከመጠባበቂያው ጎን ሌላ ትንሽ ሒሳብ ይኑርዎት፤ ከሚልኩት አሥር በመቶ ያህል በየወሩ ይግባበት። ደሴ ሕመም አለ ተብሎ ሲደወል ከዚያ ይከፈላል፣ የኪራዩ ገንዘብ አይነካም። የወላጆችዎ የቅሬ መዋጮም በወቅቱ መከፈሉን ይጠይቁ። መዋጮው ጥቂት ብር ነው፤ ሐዘን ሲመጣ ግን ድንኳኑንም ሰዉንም ቅሬው ይዞ ይደርሳልና ከዚህ የሚላከው ገንዘብ በብዙ ይቀንሳል።

መጠባበቂያው ከተነካ በኋላ መጀመሪያ የሚመለሰው ያ ቅርብ ያለው አንድ ወር ነው። እሱ እስኪሞላ ድረስ ለእናት የሚላከው በግማሹ ላይ ይቆይ፤ ስንት ወር እንደሚቆይም አስቀድመው ይንገሯቸው። በእኛ ምሳሌ ዕቁብ የሌለበት ሰው ሥራ ሲመለስ ከእናቱ የቀነሰውን 100 ጨምሮ በወር 800 ማስቀመጥ ይችላልና ጊዜው ሁለት ወር ነው።