ኩርባው ወደ ላይ ወጥቶ ወለድ ሳይጨምር ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ የአንድ ዓመት ቦንድ 5 በመቶ፣ የሁለት ዓመቱ 5.5 በመቶ ይከፍላል። የወለድ ኩርባው፣ ማለትም የቦንዶችን ወለድ በጊዜያቸው ርዝመት የሚያሳየው መስመር፣ ወደ ላይ ስለወጣ በሚቀጥለው ዓመት ወለድ ይጨምራል ብለው ገመቱ፤ ወለዱ ግን ባለበት ቆመ።

ምክንያት፦ ኩርባውን በግምት ንድፈ ሐሳብ ብቻ አንብበውታል። በዚህ አስተሳሰብ ገንዘብን ለሁለት ዓመት ማሰርም ሆነ በየዓመቱ ማደስ እኩል ያስገኛል። ስለዚህ ለሁለተኛው ዓመት የሚጠበቀው ወለድ፣ ማለትም ፎርዋርዱ፣ እንዲህ ይሰላል፦

```
f = (1.055)^2 / 1.05 - 1 = 0.06
```

6 በመቶ መጣ። የሊኩዊዲቲ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ ግን አበዳሪ የረጅም ጊዜ ቦንድ የሚይዘው፣ ከጊዜው በፊት መሸጥ ቢኖርበት ዋጋው ሊወርድበት ስለሚችል፣ ተጨማሪ ሲከፈለው ነው ይላል። ከ6ቱ አንዱ ይህ ጭማሪ ከሆነ ገበያው የሚጠብቀው የዛሬውን 5 በመቶ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ከፎርዋርዱ ላይ ጭማሪውን ቀንሰው ውጤቱን ከዛሬው የአንድ ዓመት ወለድ ጋር ያወዳድሩ። አስቸጋሪው ጭማሪው በገበያ ላይ አለመታየቱ ነው፤ በሞዴል ብቻ ይገመታል። የኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ለአሜሪካ ቦንዶች የሚያወጣው የ10 ዓመት የጭማሪ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ከዜሮ በታች ነበር፤ ስለዚህ «ጭማሪው ሁልጊዜ አለ» ብሎ መደምደምም ያሳስታል። ስሌቱን በ0፣ በ0.5 እና በ1 በመቶ ይሞክሩት። መደምደሚያው ከተገለባበጠ ከዚያ ኩርባ ትንበያ አይወጣም።

ምልክት፦ ኩርባው ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለቱም 5 በመቶ። በግምት ንድፈ ሐሳብ ለውጥ አይጠበቅም። የ0.5 ጭማሪ ካለ ግን የሚጠበቀው 4.5 ነው፤ ጠፍጣፋ ኩርባ የሚወርድ ወለድ ደብቆ ይይዛል።

ምልክት፦ ኩርባው ተገልብጧል፣ ማለትም የረጅም ጊዜው ወለድ ከአጭሩ በታች ሆኗል፣ ወለዱ ግን አልወረደም። እዚህ ሁለቱም ንድፈ ሐሳቦች መውረድን ያመለክታሉ፤ ጭማሪውን የሚቀንሰው ይበልጥ የጎላ መውረድ ያያል። ስህተቱ ቀን መቁረጥ ነው። የአሜሪካ የ10 ዓመት ወለድ ከሁለት ዓመቱ በታች ወርዶ ለረጅም ጊዜ የቆየው ከጁላይ 2022 ጀምሮ ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭ ግን ወለዱን እስከ ጁላይ 2023 ሲጨምር ቆይቶ የቀነሰው በሴፕቴምበር 2024 ነው።

መሃሉ ያበጠ ኩርባ ሲገጥምዎት የእያንዳንዱን ዓመት ፎርዋርድ ለየብቻ ያስሉ። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ወለዶች 5፣ 5.4 እና 5.2 በመቶ ከሆኑ ፎርዋርዶቹ 5.8 እና 4.8 ይመጣሉ፦ መጀመሪያ መውጣት፣ ከዚያ መውረድ።

ምልክት፦ ኩርባው ከሚገባው በላይ ቁልቁለታማ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመረጃው ነው። የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ በቅናሽና በ360 ቀን ዓመት ይጠቀሳል፤ የ364 ቀን ሰነድ «5 በመቶ» ከተባለ ዋጋው 94.94 ነው፣ እውነተኛ ወለዱም 5.34 በመቶ። ከቦንድ ወለድ ጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ይለውጡት። ኩፖን፣ ማለትም በየጊዜው የሚከፈል ወለድ፣ ያለውን ቦንድ ወለድም በቀመሩ ውስጥ እንዳለ አይክተቱ፤ ኩፖን የሌለውን ይውሰዱ።