ከትግርኛ ስትተረጉሙ «ገዛ»ን አትመኑት

«እቲ ወዲ ገዛ ዓዲጉ» የሚል አረፍተ ነገር ቢገጥማችሁ ዓይናችሁ ቶሎ ብሎ «ልጁ ገዛ»፣ «ልጁ አድጎ» ሊያነብ ይችላል። ትርጉሙ ግን «ልጁ ቤት ገዝቷል» ነው። በትግርኛ «ገዛ» ቤት ነው፣ «ዓደገ» ደግሞ ገዛ። ሁለት ወጥመድ ጎን ለጎን!

ዘዴው ቀላል ነው፤ ከግሱ ሥር የወጣውን ትግርኛ ስም ፈልጉ። ከ«ዓደገ» ጋር የሚሄደው «ዕዳጋ» ነው፤ ገበያ ማለት። ስለዚህ ነገሩ ግዢ ነው። የኛ «አደገ» በትግርኛ «ዓበየ» ነው፤ «ዓቢይ ጾም»ን አስታውሱ። ዘዴው የሚሠራው፣ ግስ ብቻውን ሲያታልል ዘመድ ስሙ ስለሚያጋልጠው ነው።

«ገዝአ»ን ግን ቤት እንዳታደርጉት። እሱ እንደኛው «ገዛ» የመግዛት ግስ ነው፤ «መግዛእቲ»ም የቅኝ አገዛዝ ነው።