የሳይነስ ሕመም ሲይዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የ34 ዓመት መምህርት ጉንፋን በያዛቸው በ5ኛው ቀን ወደ እኔ ክፍል መጡ። «ዶክተር፣ ሳይነሴ ተነሥቶብኛል፤ ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይዘዙልኝ፣ ሲቲ ስካንም ልነሣ» አሉኝ። ትኩሳት አልነበራቸውም፤ ጉንጫቸው ላይ የመክበድ ስሜት ነበራቸው፤ ጠለቅ አድርጌ ስጠይቃቸው ግን ከትናንት ዛሬ ትንሽ እንደሚሻላቸው ነገሩኝ። በአንገት በላይ ሕክምና ክፍል በየቀኑ የማገኛቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በእኚህ መምህርት ጥያቄ ውስጥ ነበሩ።

ከንፍጡ ቀለም ተነሥቶ ባክቴሪያ ነው ማለት

ጉንፋን የአፍንጫን ብቻ ሳይሆን በጉንጭና በግንባር አጥንት ውስጥ ያሉትን አየር የያዙ ክፍተቶች፣ ማለትም የሳይነሶችን ሽፋን ጭምር ያሳብጣል። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚልካቸው ነጭ የደም ሕዋሳት አረንጓዴ መልክ ያለው ኢንዛይም ስላላቸው፣ እነርሱ በብዛት ሲከማቹ ንፍጡ ይወፍርና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ በጉንፋን 4ኛና 5ኛ ቀን ንፍጡ ቀለሙን መለወጡ ብቻውን ስለ ባክቴሪያ የሚናገረው ነገር የለም። ከጉንፋን በኋላ በሳይነስ ላይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚደረብባቸው አዋቂዎች ከ100 ሰው 2 እንኳ አይሞሉም ተብሎ ይገመታል።

ቀን ሳይቆጥሩ አንቲባዮቲክ መጀመር

አጣዳፊው ሳይነስ ከ4 ሳምንት በታች የሚቆየው ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ የሚያበቁ ምልክቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ምልክቱ 10 ቀን አልፎት ምንም መሻሻል አለማሳየቱ ነው። ሁለተኛው ሕመሙ ገና ከጅምሩ 39 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት ይዞ፣ ከመግል መሰል ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ለ3 ወይም ለ4 ተከታታይ ቀናት መቆየቱ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ጉንፋኑ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን አካባቢ መሻል ከጀመረ በኋላ ተመልሶ መባባሱ ነው።

መምህርቷ ከሦስቱ አንዱንም አላሟሉም ነበርና ፓራሲታሞልና የአፍንጫ እጥበት አዝዤ፣ የሕመሙን አካሄድ በየቀኑ እንዲመዘግቡ ነገርኳቸው። ለእጥበቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር ገደማ) ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሟሟል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውኃው ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። በ7ኛው ቀን ደህና ሆነው ሥራ ገቡ። በ8ኛው ቀን ግን ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ጎንበስ ሲሉ የቀኝ ጉንጫቸው ይጠዘጥዛቸው ጀመር። ያኔ ሦስተኛው ምልክት ስለተሟላ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ለ7 ቀን አዘዝኩላቸው፤ በመድኃኒቱ በ3ኛው ቀን ሕመሙ ቀለለ። ይኸው መድኃኒት በ5ኛው ቀን ቢሰጣቸው ኖሮ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም፤ ሆድ ማላላቱና ባክቴሪያዎችን ማላመዱ ግን አይቀርም ነበር።

ከመድኃኒት ቤት በራስ ውሳኔ ለ3 ቀን የሚወሰደውን አዚትሮማይሲን መግዛትም እዚሁ ይካተታል። የሳይነስ ዋነኛ መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ ለእርሱ በብዙ ቦታ የተላመደ በመሆኑ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ሌላ አማራጭ ከሐኪሙ ጋር ይፈልጋል። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎችም፣ ለምሳሌ ዛይሎሜታዞሊን፣ ከ5 ቀን በላይ ከተወሰዱ አፍንጫው ያለ እነርሱ የማይከፈት ይሆናል።

ሥር የሰደደውን እንደ ተደጋጋሚ አጣዳፊ ሕመም ማከም

ሥር የሰደደ ሳይነስ የምንለው ምልክቱ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሲሆን ነው፤ ምልክቶቹም የአፍንጫ መደፈን፣ ንፍጥ (ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ጨምሮ)፣ የፊት መክበድ እና የሽታ መቀነስ ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው፤ ይህም ብቻ ሳይበቃ እብጠቱ ወደ አፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ማለትም በኢንዶስኮፕ፣ ወይም በሲቲ ስካን በዓይን መታየት ይኖርበታል።

ከጊዜ በኋላ አንድ አባት በአራት ወር ውስጥ ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ጨርሰው መጡ። ሦስቱም ጊዜ ለጥቂት ቀን ቀሎላቸው ተመልሷል። ቤተሰባቸው ያሳሰበው ግን ሌላ ነበር፤ ቡና እየተቆላ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት እያለ ምንም አይሸታቸውም። በኢንዶስኮፕ ስመለከት በሁለቱም አፍንጫ ውስጥ ፖሊፕ፣ ማለትም ከሽፋኑ አብጦ የወጣ ለስላሳ ሥጋ ነበር። ችግሩ በዋናነት የሽፋኑ መቆጣት እንጂ ሊገደል የሚችል ባክቴሪያ ስላልነበረ፣ ከዕለታዊ የጨው እጥበት ጋር የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ጀመርንላቸው። ስፕሬይ አይሠራም የሚሉ ብዙዎች አጠቃቀሙን ይሳሳታሉ፤ ራስን ትንሽ ወደፊት ዘንበል አድርጎ፣ የቀኙን አፍንጫ በግራ እጅ፣ የግራውን በቀኝ እጅ፣ ከመካከለኛው ግድግዳ አርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ መንፋት ያስፈልጋል። ውጤቱም የሚለካው በቀን ሳይሆን በሳምንታት ነው፤ ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ታግሦ መጠቀም ይገባል።

ሲቲ ስካንን ያለ ጊዜው መነሣት

መምህርቷ በ5ኛው ቀን ሲቲ ስካን ቢነሡ ኖሮ ምስሉ በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ «ታሞ» ይታይ ነበር። በ1994 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ጉንፋን በያዛቸው ጤነኛ ጎልማሶች ላይ ስካን ሲደረግ 87 በመቶ የሚሆኑት በጉንጭ ሳይነሳቸው ለውጥ ተገኝቶባቸዋል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በድጋሚ ሲታዩም አብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ ጠፍቷል። ምስሉ ቫይረሱን ከባክቴሪያው አይለይም፤ ተራው ራጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነገር ነው የሚያሳየው፤ እኔ ለሳይነስ ራጅ አላዝም።

ሲቲ ስካን ተገቢ የሚሆነው ሕመሙ 12 ሳምንት አልፎት፣ ተገቢው ሕክምና ተሞክሮ ካልተሻለ ወይም ኦፕሬሽን ከታሰበ ነው። ከእኚያ አባት ጋር ያዘዝነው ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ ነበር፤ ምስሉም ለቀዶ ሕክምናው የአጥንቱን ካርታ ሰጠን። ምልክቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ግን መዘግየት የለበትም፤ በአንድ ጎን መጥፎ ጠረን ያለው ንፍጥ ብዙ ጊዜ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር የመጣ ነው፤ አንዳንዴ የፈንገስ ክምችት፣ አልፎ አልፎም ዕጢ ይሆናል።

ቀን ከማይቆጠርለት ሁኔታ ደግሞ የዓይን ዙሪያ ማበጥ ወይም መቅላት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የግንባር እብጠት፣ ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ግራ መጋባት ይገኛሉ። ስኳራቸው ያልተስተካከለላቸው ሰዎች ፊታቸው ቢደነዝዝ ወይም የአፍንጫቸው ውስጥ ቢጠቁርም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ጊዜያት በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል፤ ሲቲ ስካኑም በደም ሥር ከሚሰጥ ማጉሊያ ፈሳሽ ጋር በዚያው ይታዘዛል።