የተፎካካሪ ዋጋ ስትከታተሉ 429 ሲመጣ፣ “ለውጥ የለም” ሲልም

አሜሪካ ሆናችሁ የተቆላ ቡና በኢንተርኔት ትሸጣላችሁ እንበል። የ12 ተፎካካሪዎችን ገጽ እያየ ዋጋና የምርት ስም የሚመዘግብ ትንሽ ስክሪፕት አላችሁ።

ችግር 1፦ ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ይሄ መጣ

```
HTTP/1.1 429 Too Many Requests
Retry-After: 3600
```

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አብዝታችሁታል። ሰርቨሩ ከ3600 ሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ እያላችሁ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ፕሮክሲ ገዝቶ አይፒ መቀያየር ይጀምራል። እባካችሁ እንዳታደርጉት! በር ሲዘጋባችሁ በመስኮት እንደመግባት ነው፣ በሕግም ሊያስጠይቃችሁ ይችላል።

የተባላችሁትን ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እዩ፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስትሄዱም 30 ሰከንድ ቆዩ፤ 12ቱም ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃሉ፣ የቡና ዋጋ ደግሞ በየደቂቃው አይቀየርም። ገጹ `ETag` የሚሰጥ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በ`If-None-Match` መልሳችሁ ላኩለት። ያልተለወጠ ገጽ 304 ብቻ ይመልሳል፣ ሙሉውን አታወርዱም። በ`User-Agent` ላይ ኢሜላችሁን አስቀምጡ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ያገኛችኋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን `robots.txt`ንና የአጠቃቀም ደንባቸውን አንብቡ። ከከለከሉ ያንን ሱቅ ከስክሪፕቱ አውጡት።

ችግር 2፦ ስክሪፕቱ “ለውጥ የለም” ይላል፣ ገበያው ግን ተቀይሯል

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። አንዱ ተፎካካሪ ዋጋውን 18 ዶላር ላይ ትቶ የምርቱን ስም ብቻ ከ“12 oz” ወደ “10 oz” ቀየረ። አንድ አውንስ 1.50 ዶላር የነበረው 1.80 ሆነ፣ 20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ዋጋን ብቻ የሚያይ ስክሪፕት ይህን አያውቅም። የእናንተ 12 አውንስ 17.50 ከሆነ በአውንስ 1.46 ገደማ ነው። ልዩነቱ 50 ሳንቲም ብቻ መስሏችሁ ዋጋ ብትቀንሱ በከንቱ ትከስሩ ነበር።

መፍትሄው ክብደቱን ከስሙ ውስጥ አውጥቶ ዋጋውን ለእሱ ማካፈል ነው። ማስጠንቀቂያው የአውንስ ዋጋ ሲለወጥ ይምጣ። በእናንተ ገጽ ላይ ደግሞ ዋጋውን አትንኩ፤ “12 oz” የሚለውን ወደ ስሙ መጀመሪያ አምጡት፣ የአውንሱንም ዋጋ ከሥሩ ጻፉ። ደውላችሁ “እኛም እንጨምር” ብላችሁ ከተፎካካሪው ጋር እንዳትስማሙ፣ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው።

ችግር 3፦ ዋጋው ድንገት ዘለለ ወይም ወደቀ

አብዛኛውን ጊዜ ስክሪፕቱ የተሰረዘውን የድሮ ዋጋ ወይም የወርሃዊ ደንበኞችን ቅናሽ አንብቦ ነው። ገጹ ውስጥ `application/ld+json` ካለ `offers` ሥር ያለውን `price` ውሰዱ። ለውጡ ከ15 በመቶ ከበለጠ የራሳችሁን ዋጋ ከመንካታችሁ በፊት ገጹን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።