ባል ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የሽኝት ዝግጅት ይደረጋል፤ ንግግር አለ፤ ጋቢ ይለበሳል። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሰውየው ቤት ነው። ማክሰኞም ቤት ነው።

ሚስት ግን ጡረታ አልወጣችም። እንዲያውም ሥራዋ የጨመረው ያን ሰኞ ነው። ቁርስ አንድ ሰው ተጨመረ፣ ምሳ ተጨመረ፣ የአሥር ሰዓት ሻይ ተጨመረ። ቤቱ ለባል ማረፊያ ይሁን እንጂ ለእሷ የሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤቷ ነው። የራሱ ሰዓት፣ የራሱ አሠራር አለው። ጠቡ የሚነሳው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ፍቅር ስለቀነሰ አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ጃፓን ውስጥ ኖቡኦ ኩሮካዋ የተባሉ ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሎቻቸው ጡረታ ወጥተው ቤት በዋሉ ሚስቶች ላይ የሚታየውን የጭንቀት ሕመም ስም አውጥተውለታል። እኛ ጋ ስም የለውም እንጂ በየሰፈሩ አለ። የምጽፈው በአዲስ አበባ ስለማውቃቸው ዓይነት ቤቶች ነው፤ ባል ተቀጣሪ፣ ሚስት የቤት እመቤት የሆኑባቸው።

ጓዳውን ኦዲት ማድረግ

ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ሲያዝ ወይም ሒሳብ ሲመረምር የኖረ ሰው ድንገት ሥራ ሲያጣ ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። ቅርብ ያለው ደግሞ ጓዳው ነው። መጀመሪያ የድስት ክዳን ከፍቶ ማየት ይጀምራል። ቀጥሎ «ይሄ ዘይት መቼ ነው የተገዛው?» ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ለአስቤዛ ደብተር ይገዛል። (ደብተር የገዙ አባወራዎች አውቃለሁ። ደብተሩን የጨረሰ ግን አላጋጠመኝም።)

ደብተሩ በራሱ ክፋት የለውም። ጥፋቱ የአንድ ወር ሒሳብ አይቶ መፍረድ ነው። የቤት ወጪ እንደ ደመወዝ በየወሩ እኩል አይመጣም። አንድ በጥር ጡረታ የወጣ ሰው እናስብ። የካቲት ላይ ደብተሩን ሲያይ ወጪው ጣሪያ ነክቷል። ለምን? ዛላ በርበሬ የሚገዛው በበጋ ነው፤ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከኮረሪማውና ከሌላው ቅመም ጋር ይፈጫል። ክረምት ከገባ ማድረቂያ ፀሐይ የለም። ሽሮውም አብሮ ይዘጋጃል። ሁለቱም ለወራት የሚበሉ ናቸው። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገብቷል። 55 ቀን ቅቤ ስለማይነካ ወጡ ሁሉ በዘይት ነው፤ ዘይቱ ቶሎ ቢያልቅ አይገርምም። እሱ ግን የሚያየው ባዶ ጄሪካን ነው።

«ብክነት አለ» ብሎ ይወስናል። ገንዘቡን በየወሩ መስጠቱን ትቶ በየሳምንቱ ቆጥሮ መስጠት ይጀምራል። አሁን ችግሩ ይመጣል። የሳምንት ብር ለጅምላ አይበቃም። ሽንኩርቱ በኪሎ ከጉሊት፣ ዘይቱ በሊትር ከሱቅ ይገዛል። እያንዳንዱ ዕቃ ከበፊቱ ተወደደ ማለት ነው። ወጪ እንዲቀንስ የተጀመረው ቁጥጥር ወጪ ጨመረ። ሚስትም ለሁሉም ነገር «ጋሼን ጠይቂ» ማለት ትጀምራለች፤ ጨው ለማስገዛት ሳይቀር። ይህን አባባል በቤትዎ ከሰሙ ቁጥጥሩ መስመር ስቷል። የቤት ሠራተኛ ካለች ደግሞ ሁለት አለቃ ተሾመባት። እትዬ «አሁን እጠቢ» ሲሏት ጋሼ «መጀመሪያ ጫማዬን» ይሏታል። ልጅቷ ብዙም አትቆይም።

ሒሳብ ማየት ከፈለጉ የዓመቱን ይዩ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ የሚመጣውን ጻፉ። ፋሲካው፣ በርበሬው፣ የዕድሩ መዋጮ፣ የክረምቱ ከሰል ሁሉ ይግባ። ያን ጊዜ የካቲት ለምን ውድ እንደሆነ ይገባዎታል።

የጡረታውን ልክ ደብቆ መያዝ

ብዙ ባሎች ደመወዛቸውን በትክክል ሳይናገሩ ኖረዋል። ለአስቤዛ ይሰጣሉ፣ የቀረው የኪሳቸው ነው። በደመወዝ ጊዜ ይህ እንደምንም ይሄድ ነበር። በጡረታ አይሄድም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል፤ 6,600 ብር ማለት ነው። ሚስቱ ይህን ካላወቀች በ12,000 ብር ልክ ማቀዷን አትተውም። እሱ ሲያጥረው ይቆጣል፤ እሷ «ሰስቶ ነው» ትላለች። ሁለቱም ስለ ገንዘብ እየተጣሉ ቁጥሩ ግን ጠረጴዛ ላይ አልወጣም። የጡረታ ውሳኔው ደብዳቤ በመጣ ቀን ለሚስት ማሳየት ብዙ ጠብ ያስቀራል። የራስዎን የኪስ ገንዘብም በግልጽ ቆርጠው ያስቀምጡ። ለማኪያቶ ብር ከሚስቱ እጅ የሚጠብቅ ሰው በሳምንቱ ይከፋዋል።

ምሳ በስድስት ሰዓት ተኩል፣ በማንኛውም ቀን

መሥሪያ ቤት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ስለለመዱ ቤትም ይጠብቃሉ። ግን ያን ያህል ዓመት ሚስትዎ ምሳ ትበላ የነበረው ምን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የማታውን አሙቃ ወይም ፍርፍር አድርጋ፣ በቆመችበት። አሁን በየቀኑ ትኩስ ምሳ ይጠበቅባታል።

በተለይ የእንጀራ መጋገሪያ ቀን ተጠንቀቁ። ሊጡ የተቦካው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ነው። ጠዋት አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ካለ በኋላ አይጠብቅም፤ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ «ነገ ጋግሪው» አይሠራም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። እርስዎ ሻይ ብለው ምድጃ ሲለኩሱበት ቆጣሪው ይዘላል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ ምጣድ ላይ የነበረው እንጀራ ይበላሻል። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰፈርማ መብራት ያለበትን ሰዓት ጠብቆ መጋገር ግዴታ ነው። በዚያ ቀን ምሳ ዳቦና ሻይ ቢሆን ምንም አይደለም። ወይም ወጣ ብለው በልተው ይምጡ።

የቡና ሰዓቱን መያዝ

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ጎረቤት ቡና ይጠራራል። እዚያ የሚወራው ወሬ ብቻ አይደለም። የታመመ ይጠየቃል፣ የዕቁብ ነገር ይነሳል፣ ስለ ልጅ ይመከራል። ባል ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ቡናው ይፈላል፤ ሰው ግን አይመጣም። ምልክቱ በር ላይ ነው። ጎረቤት ብቅ ብላ «ጋሼ አሉ እንዴ? እንግዲያው በኋላ እመጣለሁ» ትላለች። በኋላ አትመጣም። እየቆየ ሚስትዎ ብቻዋን ትቀራለች፤ እርስዎ ደግሞ «ምን አኮረፈሽ?» ይላሉ።

ሳሎን የእርስዎ አይደለም ማለቴ አይደለም። በዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሄዱበት ይኑርዎት። የዕድር ኮሚቴ ሁልጊዜ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል፤ ሒሳብ የሚያውቅ ጡረተኛ ለዕድር ወርቅ ነው። የኦዲት አምሮቱም እዚያ ይወጣለታል። እርስዎም ቢሆኑ ሚስትዎ ማኅበር ልትሄድ ስትለባብስ «የት ነው? መቼ ትመለሻለሽ? ምሳስ?» እያሉ አይከተሏት። አንዴ መጠየቅ ደንብ ነው፤ ሦስቴ መጠየቅ ቁጥጥር ነው።

ማገዝ ሲሉ ግማሽ ሥራ መያዝ

«ምን ላግዝሽ?» ጥሩ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ማሰቡን፣ ማስታወሱንና ማዘዙን ለእሷ ይተወዋል። እሷ ለመናገርና ለማሳየት የምትደክመው ራሷ ብትሠራው ከሚፈጅባት ይበልጣል። ከዚህ ይልቅ አንድን ሥራ ከነሐሳቡ ይውሰዱ። የውኃ ነገር ለምሳሌ ጥሩ ነው። በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት ማወቅ፣ ተነስቶ ሮቶውን መሙላት፣ ጄሪካኖቹን ማጠብ፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ሠራተኛ መጥራት። ሁሉም የእርስዎ ይሁን። እሷ ከዚያ በኋላ ስለ ውኃ አታስብም። ወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ነው፤ እህሉ ሳያልቅ ማወቁን ጭምር።

እዚህ ላይ የሚስቶች ስህተት ይመጣል፤ ሁሉም ጥፋት የባል አይደለም። ባል ገበያ ይሄዳል፤ ርካሽ ሽንኩርት አግኝቶ በደስታ ይመለሳል። ሽንኩርቱ አንገቱ ያልደረቀ፣ እርጥብ ነው፤ በሳምንት ይበሰብሳል። ሚስት በሠራተኛዋ ፊት «ይሄንን ነው ገዛሁ የምትለኝ?» ብላ ትስቃለች። እሱ ሁለተኛ ገበያ አይሄድም። ትክክል ነው ብዬ ሳይሆን ሰው ነው። ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ሽንኩርት እንደሚፈለግ አንድ ቀን አብራው ሄዳ ብታሳየው ያን ሁሉ ያስቀር ነበር። ሌላው ደግሞ እሱ ያጠፈውን ልብስ እንደገና ማጠፍ ነው። አጣጠፉ የማያምር ከሆነም ይቅር፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ማን ያየዋል? በየአምስት ደቂቃው ሱቅ መላክም ማገዝ ማስለመድ አይደለም። ያኔ እሱ ተላላኪ የሆነ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም።

ልጆችን ዳኛ ማድረግ

በአሁኑ ጊዜ የብዙ ቤት ልጆች አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ናቸው። ማታ ስልክ ሲደወል እናት «አባትሽ አላስቀምጥ አለኝ» ትላለች፤ አባት ስልኩን ተቀብሎ «እናትሽ ተለውጣለች» ይላል። ልጅቷ ከሩቅ ሆና ማድረግ የምትችለው አንዱን ወገን መያዝ ወይም ብር መላክ ነው። ብሩ በእናት ስም ሲመጣ አባት ይከፋዋል፤ በአባት ስም ሲመጣ ደብተሩ እንደገና ይወጣል። ልጆች መርዳት ከፈለጉ በሁለቱም ዘንድ የታወቀ፣ ለአንድ ነገር የተቆረጠ ገንዘብ ይላኩ፤ ለሠራተኛዋ ደመወዝ ለምሳሌ። የሥራ ክፍፍሉን ሁለቱ ይጨርሱት። ሽማግሌም ለድስት ክዳን አይጠራም።

አንድ ነገር ግን ከሥራ ክፍፍል ውጭ ነው። ሰውየው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከቢጃማው መውጣት ከተወ፣ ወይም የማይጠጣ የነበረው መጠጣት ከጀመረ ይህ የጡረታ ኩርፊያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሚስትም ደረቷን እየወጋት፣ ሌሊት እየነቃች «ድካም ነው» ብላ ካለፈችው እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ የሚቀድመው ሐኪም ነው፤ የማን ተራ እንደሆነ በኋላ ይነጋገሩበታል።