ተጠሪ ሲቀየር የተያዘ ቀሪ ክፍያ እንዴት ተለቀቀ

ፒያሳ ባለ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ የደንበኞች ተጠሪ ሲቀየር፣ ያልተጠናቀቀ ትዕዛዝ ያላቸው ደንበኞች ቀሪ ክፍያ ያዙ። ከማይታወቅ ስልክ ደውሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ያስጠረጥራል፤ መጠርጠራቸውም ተገቢ ነው።

የፈታው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። መጀመሪያ ነባሯ ተጠሪ ደንበኛው በሚያውቀው ስልኳ ደውላ አዲሱን አስተዋወቀች፤ በዚህ ጥሪ ስለ ገንዘብ አይነሳም። በዚያው ቀን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተከተለ፦

«ካዘዙት 200 ካርቶን ወረቀት 120ው ደርሶዎታል፤ ቀሪው 80 ሐሙስ ይደርሳል። የፕሮፎርማው ዋጋም ሆነ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን አልተቀየረም።»

ክፍያውን ያስለቀቀው የሒሳብ ቁጥሩ ጉዳይ ነው። ቀሪው መጠን ግን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው ከፈረመበት የርክክብ ሰነድ ጋር ይመሳከር፤ 80 የተባለው 70 ሆኖ ከተገኘ አዲሱ ተጠሪ ገና ሳይጀምር አመኔታ ያጣል።